መብራቱ ሲጠፋ ያልጠፋችው ነጥብ

ሰኞ

አያቴ ዛሬ ሁለት ጊዜ ሊሞቱ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ትራሱ አልተስተካከለም ብለው ተመለሱ።

ሳንባቸው ነው። ሐኪሙ በር ላይ ቆሞ ለአባዬ በሹክሹክታ ሲነግረው ሰማሁ። ሐኪሞች ሹክ የሚሉት ሁሉም ሰው እንዲሰማ ነው መሰለኝ። «ይህን ክረምት ባያልፉት እንዳይደንቃችሁ» አለ። አያቴን ያናደዳቸው ግን ሳንባቸው ሳይሆን የሐኪሙ ጋውን ነው። «ግራ ትከሻው ተንሸዋሯል። የራሱን ትከሻ ያላስለካ ሰው የእኔን ግፊት ሊለካ?»

ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሱቃቸው እኔ ሳልወለድ ነው የተቃጠለው። የስፌት መኪናውን አወጣለሁ ብለው ገብተው የቀኝ እጃቸው ጣቶች ተጨማደው ቀሩ። ከዚያ ወዲህ መቀስ ይዘው አያውቁም። ምላሳቸው ግን እስከ ዛሬ ይቆርጣል።

ረቡዕ፣ በሂሳብ ክፍለ ጊዜ

አስተማሪው የምጽፈው ሂሳብ መስሎታል። ይምሰለው።

እኛ ቤት ስሙ የማይጠራ ሰው አለ። «ያ ሰውዬ» ነው የሚባለው። የአባዬ ታላቅ ወንድም፣ ማለት የእኔ አጎት። ታሪኩን ከትንሽነቴ ጀምሮ በቃሌ አውቀዋለሁ። ያ ሰውዬ ማታ መጨረሻ ሆኖ ሱቁን ዘጋ፣ ካውያውን ሳይነቅል ሄደ፣ ካውያው ጨርቅ ላይ ሲግል አደረ፣ ሊነጋጋ ሲል ሱቁ ነደደ። የእሳት አደጋ ሰዎች የካውያውን ብረት ከመተኮሻው ጠረጴዛ ጋር ተጣብቆ፣ ሶኬቱንም ግድግዳው ላይ እንደተሰካ አገኙት። አለቀ፣ ደቀቀ። አያቴ «እኔ በሕይወት ሳለሁ ደጄን እንዳይረግጥ» አሉ።

በሱቁ ሕግ ነበረ። መጨረሻ የሚወጣ ሰው ካውያውን ይነቅልና ገመዱን በሩ አጠገብ ካለው ሚስማር ላይ ይሰቅለዋል። መንቀል ብቻ አይበቃም። ጠረጴዛ ላይ የተጋደመ ገመድ ይሰካ ይነቀል ከበሩ ሆኖ አይለይም፤ ሚስማሩ ላይ ከተሰቀለ ግን በሩን የሚቆልፍ ሰው ዓይኑ ያርፍበታል። ሕጉን ያወጡት አያቴ ናቸው። ባወጡት ሕግ ልጃቸውን አወጡበት።

ይሄን ዓረፍተ ነገር ሳልወደው አልቀረሁም። አስተማሪው እየመጣ ነው።

እሁድ

ያ ሰውዬ ዛሬም መጣ። አያቴ አልጋ ከያዙ ጀምሮ በየእሁዱ ይመጣል። ዝናብ እየመታው ከበሩ ውጭ ይቆማል። አባዬ ጃንጥላ ይዞ ይወጣል። ጃንጥላው ለአንድ ሰው ነው።

«እንዴት አደሩ?»

«ደህና ናቸው። ተኝተዋል።»

«አንድ ጊዜ ባያቸው። ከበሩ ላይ ብቻ።»

«ወንድሜ፣ እኔ ክፉ ሆኜ ነው? ቃላቸው ነው። በዚህ ሰዓት ላስቆጣቸው?»

አያቴ ግን አልተኙም ነበር። እማዬን «ይሄን ትራስ የሞላው ድንጋይ ፈላጭ ነው ወይ?» እያሉ ነበር። ድምፃቸው እስከ ውጭ ይሰማል። ያ ሰውዬ ሰማ። አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ሄደ።

አባዬ ሲገባ ጃንጥላውን ሦስት ጊዜ አራገፈው። አንድ ጠብታ እንኳ አልነበረበትም ማለት ይቻላል፤ በረንዳው ሥር ነው የቆመው።

ማክሰኞ

ምስጢር፦ ያ ሰውዬን አውቀዋለሁ። ከትምህርት ቤታችን በታች፣ የመስታወት ሱቅ በረንዳ ላይ አንድ የስፌት መኪናና አንድ ካውያ ይዞ ይቀመጣል። አሮጌ ልብስ ያጠብባል፣ ያሰፋል፣ ዚፕ ይቀይራል። ባለፈው የዩኒፎርሜ ሱሪ አጭር ሲሆንብኝ እሱ ጋ ወስጄ አስረዘምኩት። ማን እንደሆንኩ አልነገርኩትም። ጉልበቴን አይቶ ሳቀ። «ይሄን ጉልበት የት ነው የማውቀው?» አለ። እኛ ቤት ወንዶቹ በሙሉ ጉልበታቸው ይጋጫል። ስንሄድ መቀስ የሚከፈት የሚዘጋ ነው የምንመስለው።

«አንቱ ማለቱን ተው፣ ጌታው፤ ገና አላረጀሁም» አለኝ።

አንድ ነገር ግን አለበት። ማታ ሥራ ሲጨርስ ካውያውን ይነቅላል፣ ገመዱን ይሰቅላል፣ ይሄዳል። ከዚያ ይመለሳል። ሶኬቱን በእጁ ይነካል። ይሄዳል። ጥግ ላይ ሲደርስ እንደገና ይመለሳል። የመስታወት ሱቁ ልጆች ለጨዋታ ይወራረዱበታል፦ ዛሬ ስንቴ ይመለሳል?

እኔም አንድ ቀን ተወራርጃለሁ። አሸንፌያለሁ። ይሄን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም።

ሐሙስ

እማዬ ለአያቴ የሱቁን ቪዲዮ እናሳያቸው አለች። ያኔ አባዬ ጎረምሳ ሳለ ከጓደኛው ካሜራ ተውሶ የቀረፀው አንድ ካሴት አለን። ትንሽ ሳለሁ እናየው ነበር። አያቴ ጨርቅ ሲቆርጡ፣ ያ ሰውዬ ጭንቅላት የሌለው የእንጨት ሰውዬ ላይ ኮት ሲያለብስ። ከዚያ ምስሉ ይጠፋና ነጭ ነጭ ነጥብ ይርመሰመሳል። እዚያ ጋ አባዬ «አለቀ» ይልና ያጠፋዋል። ሁልጊዜ ሪሞቱን የሚይዘው እሱ ነው። አባት ማለት ሪሞት የሚይዝ ሰው ማለት ነው።

አሁን ማጫወቻው ሞቷል። ካሴቱን ወደ ፍላሽ የሚገለብጥ ሰው አለ። አባዬ «ምን ያደርግላቸዋል፣ ከማዘን በቀር?» አለ። እማዬ «ይዘኑበት፤ የራሳቸው ሱቅ ነው» አለች። እኔ ካሴቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

እግረ መንገዴን የእማዬን ዝነኛ ታሪክ ልጻፈው፤ ዛሬም ነግራናለች። አባዬ ለትዳር ሊጠይቃት የመጣ ማታ። «የሱሪው መስመር ቢላ ነበር! በዚያ ሱሪ ሽንኩርት ይከተፋል። እንዲህ ተጠንቅቆ የመጣ ሰው ቤቱንም ይጠነቀቃል ብዬ እሺ አልኩ።» በማግስቱ ጠዋት ሱቁ ተቃጠለ። «ደስታና ሐዘን ተከታትለው መጡብን» ትላለች ሁሌ ስትጨርስ።

አርብ

ካሴት የሚገለብጠውን ሰውዬ የቴፕ ሐኪም ብዬ ሰየምኩት። ክፍሉ በማጫወቻ ሬሳ የተሞላ ነው። ካሴቱን በመብራት አየና «ሻግቷል» አለኝ። እውነትም ጥቅሉ ላይ ዱቄት የመሰለ ነገር አለ። እንዲሁ ቢያጫውተው ሻጋታው ምስሉን የምታነበውን ትንሽ የማጫወቻ ጭንቅላት ይደፍናል፣ ቴፑንም ይፍቃል። ስለዚህ ብሎኖቹን ፈታ፣ ሁለቱን ጥቅሎች ወደ ንጹሕ ቀፎ አዛወረ፣ ቴፑን በለስላሳ ጨርቅ መሐል እያሳለፈ ቀስ ብሎ ከአንዱ ወደ ሌላው ጠቀለለው።

«ነገ ና። ካሴት አይቸኩልም። የአንድ ሰዓቱ አንድ ሰዓት ነው የሚፈጀው፤ እየተጫወተ ነው የሚገለበጠው።»

ቅዳሜ

የቴፕ ሐኪሙ እንቅልፍ ወሰደው። የሁሉም ነገር መነሻ ይሄ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ነጩ ነጥብ ሲጀምር «አለቀ» ብሎ ያቆመው ነበር። እሱ ግን ወንበሩ ላይ እያንኮራፋ ካሴቱ እስከ መጨረሻው ሄደ። ስደርስ አይኑን እያሸ «ከነጩ በኋላ ሌላም አለ፤ አጭር ነው» አለኝ።

«ለምን መሐሉ ባዶ ሆነ?»

«የቀረፀው ሰው ያለፈውን ለማየት አጠንጥኖ ሲያይ ከመጨረሻው አልፎ ሄዷል። ከዚያ ካለበት መቅረፅ ጀመረ። በመሐሉ ያልተቀረፀ ቴፕ ቀረ።»

አየሁት። ሁለት ቁራጭ ነው።

አንደኛው፦ ሱቁ ውስጥ መብራት በርቷል፣ መስኮቱ ጥቁር ነው፣ ሰው የለም። ካሜራው ዞር ዞር ይላል። ባለ ሦስት ክንፉ መስታወት ውስጥ የቀረፀው ሰው አካል ይታያል። ፊቱን ካሜራው ሸፍኖታል። ክንዱ ላይ የተጨማደደ ሱሪ አንጠልጥሏል።

ሁለተኛው፦ እዚያው። አሁን ሱሪውን ለብሶታል። ቢላ ነው። መስታወቱ ፊት ወደ ጎን ይዞራል፣ ወደ ኋላ ይዞራል፣ እያፏጨ። ከዚያ ወደ በሩ ይሄዳል፣ መብራቱ ይጠፋል። ጨለማ። ፉጨቱ ይቀጥላል። ጨለማው ውስጥ አንዲት ቀይ ነጥብ። ከዚያ ያልቃል።

ፉጨቱን የማውቀው መሰለኝ። አባዬ ጢሙን ሲላጭ የሚያፏጨው ዓይነት ነው። ግን ብዙ ሰው ያፏጫል።

ሰኞ

ቀይዋ ነጥብ ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። ከትምህርት በኋላ የቴፕ ሐኪሙ ጋ ሄድኩ።

«የቴፕ ቆሻሻ ነው» አለ።

«ቆሻሻ ቀይ ይሆናል?»

ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። ቴፑ ሲጎዳ ምስሉ ላይ የሚታየው ነጭ ጭረት ነው፤ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፣ በሚቀጥለው ሌላ ቦታ ይመጣል። ይቺ ግን ቦታዋን አልለቀቀችም። «እሺ፣ የካሜራው መብራት ነዋ! ሲቀርፅ ከፊቱ ቀይ ይበራል። መስታወቱ ውስጥ ራሱን አይቶ ነው።»

ጎበዝ ነው። ግን እኔም የአያቴ ልጅ ነኝ፤ የተጣመመ ትከሻ አይቼ አላልፍም። ወደ ኋላ መለስንና ቀስ እያደረግን አየን። መብራቱ ሳይጠፋ የካሜራው ቀይ መብራት መስታወቱ ውስጥ ከቀረፀው ሰው ጭንቅላት ጋር አብራ ስትንቀሳቀስ ትታያለች። ካሜራው ወደ በሩ ሲዞር ከምስሉ ወጣች። ሌላዋ ነጥብ ግን አለች። ዝቅ ብላ፣ በወገብ ልክ። ካሜራው ወደ ግራ ሲሄድ እሷ ወደ ቀኝ ትሄዳለች፣ እንደ ግድግዳው፣ እንደ ወንበሩ። ሌንሱ ላይ ያለ ነገር ቢሆን ከካሜራው ጋር አብሮ ይሄድ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ያለ ነገር ነው።

ከዚያ አንድ ነገር አየሁ። ሰውዬው መስታወት ፊት ሲሽከረከር ነጥቧ ትጠፋለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ትበራለች።

የቴፕ ሐኪሙ ሳቁን ተወ። «ካውያ ነው» አለ። «ሲሞቅ ውስጡ ያለችው ብረት ትጎብጥና ኤሌክትሪኩን ትቆርጠዋለች። ሲቀዘቅዝ ትቃናና ታገናኘዋለች። እላዩ ላይ ያለችው ቀይ አምፖልም አብራት ትጠፋለች፣ ትበራለች። ያልተሰካ ካውያ እንዲህ አያደርግም።»

ተሰክቷል ማለት ነው። መብራት አጥፍቶ ሲወጣ ተሰክቷል።

ሰኞ፣ ማታ

መተኛት አልቻልኩም። አያቴም ያስላሉ።

ለራሴ እንዲህ አልኩ። ማን ያውቃል፣ ሌላ ቀን ይሆናል። ካሜራው ጥግ ላይ የጻፈው ቀን እንኳ የማይረባ ነው። የፊተኛው ክፍል ላይ ትክክለኛው ቀን አለ፤ ከነጩ በኋላ ግን የዓመቱ መጀመሪያ ቀን፣ እኩለ ሌሊት ይላል። የቴፕ ሐኪሙ ነገረኝ፦ ዋናው ባትሪ አልቆ ሲወጣ ሰዓቱን የምታኖረው ትንሿ ባትሪ ሞታ ከሆነ ካሜራው ቀኑን ይረሳና ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ በቀኑ ማንም አይታሰርም። ተመስገን አልኩ።

ማክሰኞ

ተመስገን ያልኩት ቸኩዬ ነው።

ኮቱ። የእንጨቱ ሰውዬ ላይ ያለው ኮት። በፊተኛው ክፍል፣ ትክክለኛው ቀን፣ ማለትም የእሳቱ ዋዜማ በተጻፈበት፣ ኮቱ አንድ እጅጌ ብቻ አለው። ያ ሰውዬ ሁለተኛውን በነጭ ክር ላላ ላላ እያደረገ ሲያያይዘው ይታያል፤ አያቴ ከኋላ «ጠማማ! ሰውየው እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ሊኖር ነው?» ይሉታል። ሲጨርስ እጅጌው ከትከሻው ላይ ትንሽ ተጣሞ ይታያል። ባትሪው እዚያ ያልቃል።

ከነጩ በኋላ ኮቱ ሁለት እጅጌ አለው። ነጩ ክር ገና አልተፈታም። ያቺው መጣመም። ጠዋት ደግሞ ኮቱም የእንጨቱ ሰውዬም አመድ ነበሩ። ስለዚህ በዚያ ማታና በዚያ ንጋት መሐል ካልሆነ ሌላ ቀን የለም።

ሚስማሩንም አየሁት። በአንደኛው ቁራጭ፣ ሱሪው ገና ክንዱ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ፣ የካውያው ገመድ ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ተጠቅልሎ፣ በሥርዓት። በሁለተኛው ሚስማሩ ባዶ ነው።

ያ ሰውዬ ነቅሎ ሰቅሎ ነው የሄደው። ሌላ ሰው በአያቴ ቁልፍ ገባ። ቁልፉ ቤት ግድግዳ ላይ ነበር የሚንጠለጠለው።

ያ ሌላ ሰው ጉልበቱ ይጋጫል።

ረቡዕ

አባዬ ረስቶት ይሆናል። ሰው ደስ ሲለው ይረሳል። ሄዶ እማዬን ጠይቆ፣ እሺ ተብሎ፣ ምድርና ሰማይ ዞሮበት። ማሰብ ይከብዳል እንጂ ይቻላል።

ነገ አሳየዋለሁ። ደንግጦ ያለቅሳል፣ ሮጦ ለአያቴ ይነግራቸዋል፣ ያ ሰውዬ ይገባል። ከፊታችን እሁድ በፊት።

ሐሙስ

አሳየሁት። ጓዳ ውስጥ፣ በስልኬ።

እስከ መጨረሻው አየው። «ይሄ ምንድነው?» ይለኛል ብዬ መልሱን አዘጋጅቼ ነበር። የጠየቀኝ ግን ይሄን ነው፦

«ማን ማን አይቶታል?»

«የገለበጠው ሰውዬ ብቻ።»

«እናትህስ?»

«አላየችም።»

ስልኩን መለሰልኝ፣ ፍላሹን ተቀበለኝ፣ ኪሱ ከተተ። «አያትህ ደካማ ናቸው። ይሄን አሁን ብንነግራቸው ልባቸው ይቆማል። ትንሽ ሲሻላቸው እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ። አንተ ትልቅ ልጅ ነህ፣ ይገባሃል።»

ትልቅ ልጅ ነህ የሚባለው ትንሽ ልጅ ዝም እንዲል ነው። ግን ልክ ነው፤ ደካማ ናቸው። እሺ አልኩ።

አዘነ። በደንብ አዝኗል። አይኑን አይቻለሁ። ደረቅ ነበር፤ ግን አንዳንድ ሰው በደረቁ ያዝናል።

እሁድ

መጣ። ዝናብ። «ተኝተዋል።» ሄደ።

አባዬ የሚሻላቸውን ቀን እየጠበቀ ነው።

ረቡዕ

አያቴ ዛሬ ተሽሏቸዋል። ገንፎውን «ይሄ ሙጫ ነው፤ ገበር ለማጣበቅ ይሆናል» ብለው መለሱት። ሲሳደቡ ጤና ናቸው።

አባዬን አየሁት። ሬዲዮ እየጠገነ ነው። ሬዲዮው አልተበላሸም።

እሁድ

አያቴ ዛሬ የደጁን ድምፅ ሰሙ። ብቻችንን ነበርን። «በር ላይ ያለው ማነው?» አሉኝ።

«ማን እንዲሆን ይፈልጋሉ፣ አባባ?»

«አትፈላሰፍብኝ። ሳሉን አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኖም እንዲህ ነበር የሚያስለው፣ እንደ ተበላሸ ዚፕ።» ጣሪያውን እያዩ ቆዩ። የተጨማደዱት ጣቶቻቸው ብርድ ልብሱን ይቆነጥራሉ። «ጥሩ እጅ ነበረው። እጅጌ ላይ ብቻ ነው የሚጣመምበት።»

ልናገር ነበር። እውነቴን ነው፣ «አባባ፣ ሰቅሎታል» የሚለው ምላሴ ላይ ነበር። አባዬ ገባ። ጃንጥላውን ይዞ ገባ። «ማን ነው?» አሉት። «ለማኝ ነው፣ አባባ፤ ሸኘሁት» አለ።

አያቴ አይናቸውን ጨፈኑ። እኔም ዝም አልኩ። እሳቸው ደካማ ናቸው። የእኔ ሰበብ ምንድነው?

ማክሰኞ

እማዬ ስልኬን ለሰዓት ብላ አንስታ ቪዲዮውን አገኘችው። ወጥ ቤት ቆማ አየችው። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። ሰውዬው መስታወት ፊት ሲዞር «ይሄ ሱሪ…» አለች። ሳትጨርስ ስልኩን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ የታጠበ ሰሃን እንደገና አጠበች።

ማታ ሁለቱ ተዘግተው ሲያወሩ ሰማሁ። «እስከ መቼ?» አለች። አባዬ ምን እንዳለ አልተሰማም። እሱ እንደ ሐኪሙ አይደለም፤ ሹክ ማለት በእውነት ይችላል።

ሐሙስ

አያቴ ሞቱ። ጠዋት። ትራሱ ተስተካክሎ ነበር።

ቅዳሜ፣ ሰው በሞላበት

ጓሮ ተደብቄ ነው የምጽፈው። ቤቱ በሰውና በእርጥብ ጫማ ሽታ ተሞልቷል። ያ ሰውዬ፣ አይ፣ አጎቴ፣ በሩ ላይ እንደ ልማዱ ቆሞ ነበር። አባዬ ሮጦ ወጣ። አንገቱን አቀፈው። ጮክ ብሎ አለቀሰ፤ «ግባ ወንድሜ! ግባ! ያለፈው አለፈ!» እያለ። ሕዝቡ ሁሉ አለቀሰ።

ከኋላዬ ሁለት ሴቶች፦

«አየሽ? እንዲህ ነው ሰው! አባቱን ያከሰረ፣ ያቃጠለ ወንድም እኮ ነው።»

«ይቅር ለማለት ትልቅ ልብ ይጠይቃል። የተባረከ ልጅ።»

አጎቴ ባዶው አልጋ ያለበት ክፍል ደጃፍ ላይ ቆመ። አልገባም። «ከበሩ ላይ ብቻ» ብሎ ነበር። ከበሩ ላይ ብቻ አየ።

አባዬ የለበሰውን ሱሪ ማን እንደተኮሰለት አላውቅም። እማዬ አይደለችም። መስመሩ ሁለት ነው።

ሰኞ

የቴፕ ሐኪሙም ቅጂ አስቀርቶ ነበር። ማጥፋት አይወድም። አባዬ ፍላሹን ምን እንዳደረገው አልጠየቅኩትም። አንድ ነገር ግን ሳስብ ዋልኩ። ሪሞቱን ሁልጊዜ የሚይዘው እሱ ነበር። ነጩ ሲመጣ ሁልጊዜ «አለቀ» ይል ነበር። ከኋላው ምን እንዳለ ያላወቀ ሰው አንድ ቀን እንኳ ማጥፋቱን አይረሳም ወይ? አንድ ቀን እንኳ አልረሳም።

ያን ክፍል ለምን ከካሴቱ ላይ አላጠፋውም? ምናልባት በሕይወቱ እንደዚያ ቀን አምሮበት አያውቅም።

ማክሰኞ፣ ከትምህርት በኋላ

የመስታወት ሱቁ በረንዳ ጋ ሄድኩ። ዝናቡ ቆሟል።

«ጌታው! ደግሞ ረዘምክ እንዴ?»

«የአባቴ ወንድም ነህ» አልኩት።

«አውቃለሁ። ጉልበትህን ለካሁት እኮ።»

ስልኬን ሰጠሁት። መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። በፊተኛው ክፍል አያቴ «ጠማማ!» ሲሉት ፈገግ አለ። ነጩን አሳለፍኩለት። አንደኛው ቁራጭ ሲመጣ ስለ ወንድሙ የሚናገር መስሎኝ ነበር፤ ስለ ሱሪው፣ ስለ ቁልፉ፣ ስለ ጠፉት ዓመታት። የተዘጋጀ ቁጣ ነበረኝ፤ ላበድረው ነበር።

እሱ ወንድሙን አላየውም። ጣቱን ዘርግቶ የስልኩ መስታወት ላይ፣ በሩ አጠገብ፣ ሚስማሩ ላይ አሳረፈ።

«ሰቅዬዋለሁ ለካ» አለ።

«አዎ።»

«ሰቅዬዋለሁ።» ጣቱ አልተነሳም። «አልሰቀልክም ሲሉኝ መጀመሪያ ተከራከርኩ። በኋላ እኔም እጄን አላመንኩትም። ሰቅዬው ነበር? አልሰቀልኩትም ነበር? እዚያ ስደርስ ሁሌ ይጠፋብኛል። አባቴም ሲሞቱ እኔ እንዳቃጠልኳቸው ነበር የማውቀው።»

ሁለተኛውን ቁራጭ አላየም። ሲጀምር ስልኩን መለሰልኝ። «ይሄን ተወው። ሰውዬው ልጅ ነበር።»

«አሁን ልጅ አይደለም!»

«አሁንማ አባትህ ነው» አለ። ከዚህ የከፋ ነገር ሊለኝ አይችልም ነበር፤ ሳያውቅ ነው ያለው።

ከዚያ ሥራውን ዘጋ። ካውያውን ነቀለ፣ ገመዱን ጠቀለለ፣ ሰቀለ። አብረን ወጣን። የመስታወት ሱቁ ልጆች ያዩናል። ዛሬ አይመለስም ብዬ በልቤ ተወራረድኩ። ይሄን ሁሉ አይቶ አይመለስም።

ጥግ ላይ ስንደርስ ቆመ።

«አንድ ጊዜ ቆየኝ» አለኝና ተመለሰ።